ከአሥራ አራት ፎቶ አምስቱን መምረጥ፦ ሐዋሳ ላይ የተሠራ የአንድ ፕሮፋይል የጉዳይ ጥናት

ባለጉዳዩ የ32 ዓመት ወንድ ነው። ሐዋሳ ውስጥ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ የሚፈልገው ለቁም ነገር የምትሆን ሴት ነው። ቲንደር የተባለው መጠናኛ መተግበሪያ ላይ ስድስት ፎቶ ሰቅሎ አምስት ሳምንት ቆየ። በዚያ ጊዜ 9 ማች፣ ማለትም እሱ መርጧቸው እነሱም የመረጡት 9 ሴቶች፣ አገኘ፤ ከዘጠኙ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የተወራው ከሁለቱ ጋር ብቻ ነው። የመጣውም "ፎቶዎቹን በደንብ ደርድሩልኝ" ብሎ ነው። ፕሮፋይሉ ላይ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ምንም እንዳይነካ ቀድመን ተስማማን፤ ጽሑፉም ፎቶውም ባንድ ቀን ከተቀየረ ለውጥ ቢመጣ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

ስልኩ ላይ ካለው ውስጥ ይሆናል ብሎ ያሰበውን ሁሉ እንዲያመጣ ጠየቅነው፤ 14 አመጣ። "የማይሆነውንም ጭምር አምጣ" ማለት ተገቢ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ፎቶ የሚሰጠው ፍርድ እምብዛም አይታመንም። በ2017 ዴቪድ ኋይት የተባለ አውስትራሊያ ያለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሰዎችን ከራሳቸው ፎቶዎች መካከል ለፕሮፋይል እንዲመርጡ አድርገው ነበር። የማያውቋቸው ሰዎች የመረጡላቸው ፎቶ፣ እነሱ ለራሳቸው ከመረጡት የተሻለ ግምት አስገኝቶላቸዋል። የኛም ባለጉዳይ ዋና አድርጎ ያስቀመጠው ፎቶ፣ ወደ በኋላ እንደምናየው፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጥቷል።

መጀመሪያ የሚወጡት

ደረጃ ከመስጠት በፊት ለውድድር የማይበቁትን ማውጣት ይቀድማል። መለኪያችን ውበት አልነበረም። ፎቶው ስለ ሰውየው የማይሆን ነገር ይናገራል ወይ? ተመልካቿን ስለ ሌላ ሰው እንድትጠይቅ ያደርጋል ወይ? ፊቱ አይታይም ወይ? ከሦስቱ ለአንዱ "አዎ" የሚል መልስ ያገኘ ሁሉ ይወጣል። ሰባት ፎቶ እዚህ ላይ ቀረ።

የምርቃቱ ፎቶ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ሰውየው ያኔ ቀጭን ነበር፣ ጢምም አልነበረውም። ፎቶ ቤት የተነሳው ቆዳውን አለስልሰውትና አቅልተውት፣ ከጀርባው የአዳራሽ ምሰሶ የተሳለበት መጋረጃ አለ፤ ይህ ለግድግዳ እንጂ ለፕሮፋይል አይሆንም። ጂም ውስጥ መስታወት ፊት የተነሳው ግማሽ ፊቱ በስልኩ ተሸፍኗል። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ፍቅር ሐይቅ ላይ የተነሳው ደግሞ ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ በዚያ ላይ አራቱ ሰዎች ፎቷቸው መጠናኛ መተግበሪያ ላይ እንዲወጣ አልተጠየቁም።

የሚዜው ፎቶ ለብቻው ይነሳ። ሰውየው በሙሉ ልብስ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ፣ ያጌጠ መኪና አጠገብ ቆሟል። ጥራቱ ከሁሉም የበለጠ ነው፤ ባለሙያ ነው ያነሳው። ለሁለት ሴቶች ስናሳያቸው የሁለቱም የመጀመሪያ ቃል "አግብቷል እንዴ?" ነበር። ሚዜ መሆኑን ከሥሩ ጽፎ ማስረዳት አያድንም፤ ፎቶ ቀድሞ ይታያል፣ ጽሑፍ ዘግይቶ ይነበባል፣ ብዙ ጊዜም አይነበብም። በአገራችን ከወንዶች ፕሮፋይል ላይ ይህን ዓይነት ፎቶ የማጣት ዕድል አነስተኛ ስለሆነ ደግመን እንላለን፦ ሱፍና አበባ ያለበት የሠርግ ፎቶ አይሰቀል።

የቀሩት ሁለቱ የወጡት እያዘንን ነው። አንዱ አመሻሽ ላይ ሐይቁን ከኋላ አድርጎ የተነሳው ነው፤ ቦታው ያማረ፣ ፊቱ ግን ጥቁር ጥላ። ሌላው በዓል ቀን በነጭ የአገር ልብስ የእህቱን ልጅ አቅፎ የሚስቅበት ነው። ሳቁ እውነተኛ ነው፤ ግን "ልጁ ናት?" የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል፣ ሕፃን ልጅን መጠናኛ መተግበሪያ ላይ መስቀልም ራሱ አይገባም። ሁለቱንም ጥለን አልረሳናቸውም። ቦታቸውን በሌላ ፎቶ ለመሙላት አሰብን።

ሰባቱን ማወዳደር

ለውድድር የቀሩት እነዚህ ናቸው፦ መዋኛ ገንዳ ዳር በጥቁር መነጽር የተነሳው፣ እጁን ዘርግቶ ራሱን ያነሳው ሰልፊ፣ ሥራ ቦታው በነጭ ጋውን የቆመበት፣ ታቦር ተራራ ላይ ሙሉ ቁመቱ የሚታይበት፣ እንዲሁም አንድ ካፌ ውስጥ አንድ ቀን የተነሱ ሦስት ፎቶዎች። ከካፌዎቹ በአንዱ ከልቡ ይስቃል፣ በአንዱ ካሜራውን እያየ ፈገግ ብሏል፣ በአንዱ ኮስተር ብሏል። የመነጽሩ ፎቶ በራሳችን ደንብ መውጣት ነበረበት፤ ዓይን አይታይበትምና። ባለጉዳዩ ግን "እዚያ ላይ ነው ያማረብኝ" ብሎ ስለጸና ይፈተን አልን።

ዳኞቹ ከ25 እስከ 34 ዓመት የሆኑ 8 ሴቶች ናቸው፤ አንዳቸውም አያውቁትም። እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማ ይህን ማሟላት ጊዜ ይወስዳል። ቢሆንም መታለፍ የለበትም፤ የሚያውቀው ሰው የሚፈርደው ፎቶውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ፎቶዎቹ ለማንም አልተላኩም፤ በአንድ ስልክ ላይ ፊት ለፊት ታዩ።

ከ1 እስከ 10 ነጥብ ማሰጠት አይጠቅምም። ሰው ያፍርና ሁሉንም 6 እና 7 ይላል። ሁለት ሁለት እያደረጉ ማሳየት ይሻላል፤ ሰባት ፎቶ 21 ጥንድ ይወጣዋል፣ ለአንዲት ዳኛ ስድስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ጥያቄውም "የቱ ያምራል?" መሆን የለበትም፤ ያኔ ልብሱንና ቦታውን መመዘን ይጀምራሉ። የጠየቅነው "ከየትኛው ጋር ቡና ትጠጫለሽ?" ብለን ነው። ግራና ቀኙን እያለዋወጥን፣ አንዱ ፎቶ ተከታትሎ እንዳይመጣ እየበታተንን አሳየን። ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ አንድ ቃል ጠየቅን።

አንድ ፎቶ በስድስት ጥንድ ውስጥ ስለሚገባ በስምንት ዳኞች ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛው ድምፅ 48 ነው። የካፌው ሳቅ 41 አገኘ። የካፌው ፈገግታ 39፣ የካፌው ኮስታራ 27፣ የጋውኑ 24፣ የታቦሩ 17፣ የመነጽሩ 13፣ ሰልፊው 7።

ከቁጥሩ ይልቅ ቃላቱ ብዙ ነገሩን። ለመነጽሩ ሦስት ሴቶች "ጉረኛ" አሉት፣ አንዷ "ከውጭ የመጣ"። ሰውየው ጉረኛ አይደለም፤ ግን ዓይን ሲሸፈን ተመልካች ክፍተቱን የምትሞላው በመዋኛ ገንዳውና በሸሚዙ ነው። ለኮስታራው "ረጋ ያለ" እና "የተቆጣ" የሚሉት ሁለቱም ተባሉ፤ ሁለት ተቃራኒ ቃል የሚያስነሳ ገጽታ ለመጀመሪያ ቦታ አይሆንም፤ አራተኛ ቢገባ ግን አይጎዳም።

ሰልፊው ለምን እንደወደቀ ማንም ዳኛ በትክክል አልተናገረም፤ "ፊቱ ይከብዳል" ነው ያሉት። ምክንያቱ የሌንሱ ርቀት ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው ከ30 ሴንቲሜትር የተነሳ የወንድ ፊት ላይ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል፤ ጆሮ ደግሞ ወደኋላ ይሸሻል። በዚያ ላይ የስልኩ የፊት ካሜራ ማሳመሪያው በርቶ ስለነበር ግንባሩ እንደ ሸክላ ልስልስ ብሏል። የካፌዎቹን ያነሳቸው ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ ጓደኛው ነው፤ ርቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ መብራቱ ከመስኮት ከጎን የሚገባ። ከማሳመሪያና ከአዲስ ልብስ ይልቅ ይህ ርቀትና ይህ መስኮት ናቸው ፎቶዎቹን ያዳኗቸው።

ስለ ሳቅና ፈገግታ አንድ ቀላል መፈተሻ አለ። የፎቶውን አፍ በአውራ ጣት ሸፍኖ ዓይኑን ብቻ ማየት። ጉንጩ ከፍ ብሎ የዓይኑ ጫፍ ከተሸበሸበ፣ አፉ ባይታይም ፊቱ ፈገግ እንዳለ ይቀራል። አፉን ሲሸፍኑት ዓይኑ ባዶ ከሆነ ግን ለካሜራ የተደረገ ፈገግታ ነው፤ ተመልካች ምክንያቱን ባትናገርም "የሆነ ነገር ይጎድለዋል" ትላለች። የካፌው ሳቅም ፈገግታም ይህን አልፈዋል። ሰልፊው አላለፈም።

አንድ ሸሚዝ፣ ሦስት ጊዜ

ቁጥሩን ተከትለን ብንደረድር አንደኛ ካፌ፣ ሁለተኛ ካፌ፣ ሦስተኛ ካፌ ይሆን ነበር። ያው ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ያው ማኪያቶ፣ ያው መስኮት። ደረጃ የሚሰጡ ሰዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፦ ነጥቡ የተሰጠው ለብቻው ለቆመ ፎቶ ነው፣ ፕሮፋይል ላይ ግን ምንም ፎቶ ለብቻው አይቆምም። ሁለተኛው ፎቶ የሚታየው አንደኛውን ባየ ዓይን ነው። የመጀመሪያውን ፈገግታ ያየች ሴት ሁለተኛውን የካፌ ፎቶ ስታይ የምታገኘው አዲስ ነገር ጥቂት ነው፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ "ይህ ሰው ያማረበት አንድ ቀን ብቻ ነው" ወደ ማለት ትሄዳለች።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛውን ብቻ ምረጥ። ከዚያ የቀሩትን ሁሉ እንደገና መዝናቸው፤ አሁን ጥያቄው "የቱ ጥሩ ነው?" ሳይሆን "ከዚህ ቀጥሎ የቱ አዲስ ነገር ይነግራል?" ነው። ሁለተኛውን ከመረጥክ በኋላ ደግሞ ሦስተኛውን በሁለቱ ዓይን መዝን። አድካሚ ይመስላል፤ ለሰባት ፎቶ ግን ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ታዲያ አንደኛው የትኛው ይሁን? ሳቁ 41፣ ፈገግታው 39። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙም ከስምንቱ አምስቱ ሳቁን መርጠዋል። እኛ ግን ፈገግታውን አንደኛ አደረግን፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ፈተና ነው።

ብዝኃነት የሚባለው ነገር ሁለት ፊት አለው። ቦታው፣ ልብሱ፣ ሥራው ሲለያይ ጥሩ ነው። ሰውየው ራሱ ሲለያይ ግን ችግር ይሆናል። የማናውቀውን ፊት ከአንድ ፎቶ ወደ ሌላ የመለየት ችሎታችን ከምናስበው በታች ነው። በ2011 ሮብ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ ብሪታንያ ውስጥ ያወጡት ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሁለት ሆላንዳውያን ዝነኞችን 40 ፎቶ ቀላቅለው ለማያውቋቸው ሰዎች ሰጡና "የአንድ ሰው የሆኑትን ባንድ ላይ ከምሩ" አሏቸው። ሁለት ክምር መውጣት ሲገባው መካከለኛው ውጤት ሰባት ስምንት ክምር ነበር። ዝነኞቹን የሚያውቁ ሆላንዳውያን ግን ያለ ችግር ሁለት ክምር አወጡ። ባለጉዳዩና ጓደኞቹ እንደ ሆላንዳውያኑ ናቸው፤ ፎቶ የምታገላብጠዋ ሴት ግን አታውቀውም። በመጠራጠር አትደክምም፤ ታልፈዋለች።

ስለዚህ ሌላ ፈተና አደረግን። ለዳኞቹ የመጀመሪያውን ፎቶ ሁለት ሰከንድ አሳይተን፣ አጥፍተን፣ ቀጥሎ የታቦሩን አሳየንና "ያው ሰው ነው?" አልን። በሳቁ ሲጀመር ከስምንቱ ሦስቱ አመነቱ። ሳቁ ላይ ራሱን ወደ ጎን መልሷል፣ ዓይኑ ሊጨፈን ደርሷል፣ አገጩም ወጥቷል፤ ደስ ይላል፣ ግን ፊቱን አያስተዋውቅም። በፈገግታው ሲጀመር ያመነታ አልነበረም። አንደኛው ፎቶ ሥራው ለቀሩት መታወቂያ መሆን ነው፤ ለዚህ የሁለት ድምፅ ልዩነት መክፈል አይቆጭም።

ኮስታራው ያኔውኑ ወጣ፤ ከፈገግታው ቀጥሎ ምንም አይጨምርም። ሳቁ ግን አከራከረን። በስብስቡ ውስጥ ሌላ የሚስቅ ፎቶ የለም። እሱን ብናወጣ የቀረው ሰው ጨዋ፣ ግን ደረቅ ይሆናል፤ ብናስገባ ያው ሸሚዝ ይደገማል። መፍትሔው ያንን ዓይነት ሳቅ ሌላ ቦታ ማግኘት ነበር።

ሐይቁን በጠዋት

ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው የተቆረቆረችው። ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፎቶ ሲነሳ ግን ይረሳዋል። ፍቅር ሐይቅም ሆነ አሞራ ገደል፣ ሐይቁን ከኋላ አድርጎ የሚቆም ሰው ጀርባው ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በዚያው በጀርባው በኩል ናት፤ ካሜራው ለሰማዩና ለውኃው ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊት ይጠቁራል። የወጣው የአመሻሽ ፎቶ ችግር ይኸው ነበር። ጠዋት ግን ፀሐይዋ ከከተማው በኩል፣ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ትወጣለች፤ ፊቱም ይበራል፣ ውኃውም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከጠዋቱ 1:00 እስከ 2:30 ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከፍ ትልና ቅንድብ ሥር ጥላ ትጥላለች፤ ወደ ቀትር ሲሆን ዓይን ሁለት ጉድጓድ ይመስላል። ዛፍ ሥር መጠለልም ሁሌ መድኃኒት አይደለም፤ በቅጠል መሃል ሾልኮ የሚመጣ ብርሃን ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሆናል። ጥላው ጠቅላላ ከሆነ ይቁም፣ ነጠብጣብ ካለበት ሁለት እርምጃ ይራቅ።

ያነሳው ያው ካፌ ውስጥ ያነሳው ጓደኛው ነው፤ ሌላ ሰው ቢያነሳው እንደዚያ ላይስቅ ይችላል። የተሰጠው መመሪያ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ በል፣ ስልኩን በደረቱ ቁመት ያዝ፣ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክተህ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርግ። ባለጉዳዩ ደግሞ "ሳቅ" አልተባለም፤ ወደ ካሜራው እየተራመደ ጓደኛውን እንዲያወራ ነው የተነገረው። አርባ ያህል ፎቶ ተነሳ። ብዙዎቹ አፉ ለመናገር ተከፍቶ፣ ወይም ዓይኑ ተጨፍኖ የተያዙ ናቸው፤ እንዲያ ነው የሚሆነው። አንዱ ግን ወጣ፦ ከጉልበቱ በላይ ይታያል፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፣ ከኋላው ውኃና የታሰሩ ጀልባዎች አሉ፣ እየሳቀ ነው፣ ፊቱም ወደ ካሜራው ነው።

ከዚያ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። የሐይቁን ሳቅና የካፌውን ሳቅ ለየብቻ ለስምንቱ ዳኞች ስናሳይ ስድስቱ የካፌውን መረጡ። ሁለቱንም ግን በስብስብ ውስጥ አስገብተን፣ አንዱን ስብስብ ከካፌው ሳቅ ጋር ሌላውን ከሐይቁ ሳቅ ጋር ስናሳይ፣ ሰባቱ የሐይቁ ያለበትን መረጡ። ዳኞቹም ፎቶዎቹም ያው ናቸው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ። ከ48 ድምፅ 41 ያገኘው ፎቶ በዚህ ምክንያት ፕሮፋይሉ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ባለጉዳዩ መነጽሩን ቶሎ ተወ፤ ይህን ግን እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም።

ለበዓሉ ፎቶ ደግሞ ስልኩን እንዲያገላብጥ፣ በዚያው ቀን ሌላ ሰው ያነሳውም ካለ ከቤተሰብ እንዲጠይቅ ተነገረው። እህቱ ስልክ ላይ ድፎ ዳቦ ሲቆርስ የተነሳ አንድ ተገኘ። ሕፃኗ የለችም፣ ፊቱ ወደ ዳቦው አዘንብሏል። ነጭ ልብስ ካሜራን ያታልላል፤ ስልኩ ነጩን አይቶ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ፊት ይጨልማል። ይህኛው ግን ቤት ውስጥ፣ በር አጠገብ ስለተነሳ ጥቂት ብርሃን ብቻ መጨመር በቃው። ፎቶውን ከእህቱ ሲቀበል በቴሌግራም እንደ ፋይል እንድትልክለት ተደረገ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ በኋላ ለመቁረጥ አቅም አይኖረውም።

ቅደም ተከተሉ

አንደኛ የካፌው ፈገግታ ሆነ፤ ግን ተቆርጦ፣ ከደረት በላይ ብቻ። ሲሰቀል ቁመቱ ከወርዱ እንዲበልጥ ተደረገ፣ ዓይኑም ከላይ አንድ ሦስተኛው አካባቢ አረፈ። ማኪያቶው ከፎቶው ወጣ፤ ብርጭቆ ይዞ መታየት ብዙ አይነግርም።

ሁለተኛ የሐይቁ ሳቅ። ፊቱን ያየች ሴት ቀጥሎ ማወቅ የምትፈልገው ቁመናውን ነው። ይህን እስከ አምስተኛው ማዘግየት "ምን ይደብቃል?" ያሰኛል።

ሦስተኛ የጋውኑ። 24 ድምፅ ብቻ ነበር ያገኘው፤ ከሁለቱ ቀጥሎ ሲመዘን ግን ከሁሉም የበለጠ አዲስ ነገር የሚናገር እሱ ነው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ስሙንና የሥራ ቦታውን ስለሚያሳይ ከባጁ በላይ ተቆረጠ።

አራተኛ ዳቦው። አንደኛ ቢሆን ኖሮ ፊቱ ስላዘነበለ ይወድቅ ነበር። ሦስት ፎቶ ፊቱን ካስተዋወቀ በኋላ ግን ካሜራውን አለማየቱ ጥቅም ነው፤ ሰው ሥራው ላይ ሳለ የተያዘ ይመስላል፣ ነውም።

አምስተኛ ታቦር። እንደመጣ ሰውየው ከፎቶው ቁመት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ተራራ ላይ የሚነሳ ሰው ሁሉ መልክዓ ምድሩን ሊያስገባ ሲል ራሱን ያሳንሳል። አንድ ሦስተኛ እስኪሞላ ተቆረጠ። ከተማውና ሐይቁ በከፊል ወጡ፤ የቀረው ይበቃል።

ቲንደር ከአምስት በላይ ፎቶ ይቀበላል። ስድስተኛ ለመሙላት የቀረበው የመነጽሩ ነበር፤ ሳይገባ ቀረ። ደካማ ፎቶ ከአምስት ጥሩዎች ኋላ ሲቆም አይደበቅም፤ መጨረሻ የታየው ነው የሚታወሰው።

ከዚያ በኋላ

በቀጣዩ አምስት ሳምንት 17 ማች መጣ፣ ከስድስቱም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ተወራ። ይህ ሁሉ የቅደም ተከተሉ ሥራ ነው አንልም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሁለቱ አምስት ሳምንታትም በአንድ ወቅት አልነበሩም። ይልቅ የሚያሳምነው ወሬው የተጀመረበት ነገር ነው። ከስድስቱ አራቱ የጀመሩት ከፎቶ ነው፦ ሦስቱ ከዳቦው፣ አንዷ ከጋውኑ። ከበፊቱ ስድስት ፎቶ ተነስቶ የተጠየቀ ነገር አልነበረም። በብቸኛ ፉክክር ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘ ወይም ጭራሽ ያልተወዳደረ ፎቶ ነው ወሬ የከፈተው።

አንድ ስሕተት ግን ሠርተናል። በአራተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ሳትነግረው ሥራ ቦታው ድረስ መጣች። ባጁ ተቆርጧል፣ ስሙም ሙሉ አልተጻፈም፤ እንዴት አገኘችው? ፎቶውን አስፍተን ስናየው ከኋላው ባለው የመድኃኒት መደርደሪያ መስታወት ላይ የመድኃኒት ቤቱ የበር ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበባል። እኛ ባጁን አይተን መስታወቱን አላየንም። ሴትዮዋ ክፉ ነገር አላሰበችም፤ ግን ሥራ ላይ ደንበኛ ፊት የሚሆን አይደለም፣ በዚህ በኩል ሌላም ሰው ሊመጣ ይችላል። ለሴት ባለጉዳይ ቢሆን ጉዳቱ ከዚህ እጅግ ይብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፎቶ ከመሰቀሉ በፊት በጣት እስከ መጨረሻ ሰፍቶ አራቱ ማዕዘን ይታያል፤ መስታወት፣ መስኮት፣ የመኪና ታርጋ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ይፈተሻል።

የጋውኑ ፎቶ የዚያኑ ዕለት ወረደ። ዳቦው ሦስተኛ፣ ታቦር አራተኛ ሆነው ተሳቡ። ባለጉዳዩ ጋውኑን ከሥራ ይዞ ወጥቶ ባዶ ግድግዳ ፊት፣ ጥላ ውስጥ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እንዲነሳ ተነገረው፤ እስኪነሳ ድረስ ፕሮፋይሉ በአራት ፎቶ ይቆያል።